«በቀን ነው በሳምንት?»፦ ያልተነበበ ማዘዣን ከሐኪሙ ጋር ስለማጣራት

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ባለ ፋርማሲ የምሠራ ጀማሪ ፋርማሲስት ነኝ። ትናንት 11 ሰዓት ተኩል አልፎ አንዲት የ52 ዓመት እናት ሐረር ካለ ሆስፒታል የተጻፈላቸውን ማዘዣ ይዘው መጡ። ፕሬድኒሶሎን፣ ፎሊክ አሲድና ሜቶትሬክሴት አለበት። ሜቶትሬክሴቱ የ2.5 ሚሊግራም 3 ፍሬ ይልና ከጎኑ ያለው በቀን አንዴ የሚለው «ኦ ዲ» ይሁን በሳምንት አንዴ የሚለው «ኦ ደብሊው» አይለይም። ለአንድ ወር፣ ብዛት 90 ይላል። የሐኪሙ ስልክ የለበትም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ፊርማና ማኅተም አለው፣ የጻፈው ይጠየቅበታል፣ ስጣቸው» አለ። እኔ ደግሞ የሳምንት መድኃኒት መሆኑን ስለማውቅ 12 ፍሬ ቆጥሬ «በሳምንት» ብዬ ልሰጥ ነበር። በመጨረሻ ነገ ተመለሱ ብዬ ማዘዣውን ያዝኩት። ሐኪሙን እንዴት ልጠይቅ? ምን ብዬስ ልመዝግብ?»

ምላሽ፦ ሁለቱም መንገድ አያስኬድም። የባልደረባህ መንገድ እናትየዋን ሊገድል ይችላል። ያንተው ደግሞ ምናልባት ትክክለኛውን መጠን ይሰጣቸው ይሆናል፣ ግን ሐኪሙ ሳያውቅ ነው። ሐኪሙ ካላወቀ ካርዳቸው ላይ የተጻፈው እንዳለ ይቀራል። በሚቀጥለው ወር ሌላ ፋርማሲ ሲገቡ ያው 90 ፍሬ ይጠብቃቸዋል፤ ያኔ ደግሞ አንተ አትኖርም። ማዘዣውን መያዝህ ግን ልክ ነው፣ ከዚያ እንቀጥል። (ድሬ ላይ አንቱታ አይበዛም፣ «አንተ» ብልህ አትቀየም።)

መጀመሪያ ለምን ይሄ ሁሉ ጭንቀት በአንድ ፊደል ላይ እንደሆነ ለባልደረባህ አስረዳው። ሜቶትሬክሴት ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ሥራ ያግዳል። ሴል ያለ ፎሌት አይባዛም። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚባዙት ሴሎች ናቸው ቀድመው የሚጎዱት፦ ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኔ፣ የአፍ ውስጥ ሽፋን፣ የአንጀት ግድግዳ። በሳምንት አንድ ቀን ሲወሰድ በቀሩት ስድስት ቀናት እነዚህ ሴሎች ያገግማሉ። በየቀኑ ሲወሰድ ማገገሚያ ጊዜ የላቸውም። ለመገጣጠሚያ ሕመም በሳምንት 7.5 ሚሊግራም የተለመደ መነሻ ነው፤ ቀስ እያለ ቢጨመር እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ላይ ይቆማል። 7.5 ሚሊግራም በየቀኑ ማለት ግን በሳምንት 52.5 ሚሊግራም ነው። ከከፍተኛው መጠን እጥፍ በላይ ሆነ፣ ያውም ያለ እረፍት።

ይሄ ስህተት አገር አይመርጥም። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2019 በሜቶትሬክሴት ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያወጣው፣ በሳምንት የታዘዘው በየቀኑ እየተወሰደ ሰው ስለሞተ ነው። ማሸጊያው ላይ የሳምንት ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት፣ ታማሚው ካርድ እንዲይዝ፣ የሳምንቱ መጠንም ተከፋፍሎ እንዳይሰጥ አሳስቧል። ስለዚህ የሐረሩ ሐኪም ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። ፕሬድኒሶሎን በቀን፣ ፎሊክ አሲድ በቀን እያለ የሚጽፍ እጅ ሦስተኛውንም በልማድ በቀን ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ብዛቱንም እንዲሁ፤ ሦስት ጊዜ ሠላሳ ዘጠና።

«የጻፈው ይጠየቅበታል» የሚለውን ነገር ደግሞ ማዘዣው ራሱ ይመልሰዋል። ከታች በኩል የሐኪሙ ስም፣ ሙያ፣ የምዝገባ ቁጥርና ፊርማ ካለበት ጎን የመድኃኒቱ አስረካቢ ስምና ፊርማ የሚሞላበት ቦታም አለ። እዚያ የምትፈርመው አንተ ነህ። ማኅተም ደግሞ ወረቀቱ ከዚያ ቤት መውጣቱን ያሳያል እንጂ መጠኑ ትክክል ለመሆኑ ምስክር አይሆንም።

አሁን ስልክ ከማንሳትህ በፊት ወረቀቱን እንደገና አንብበው፤ ከመድኃኒቱ መስመር ሳይሆን ከላይ ጀምረህ። ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ክብደት፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀን። ከዚያ ምርመራው፣ ማለትም የበሽታው ስም የሚጻፍበት መስመር። ብዙ ጊዜ ባዶ ይተዋል፣ እዚህ ላይ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልግህ እሱ ነው። ሜቶትሬክሴት በተከታታይ ቀናት የሚሰጥባቸው የካንሰር ሕክምናዎች አሉና። እነሱም ቢሆኑ ለጥቂት ቀን፣ በካንሰር ሐኪም ክትትል እንጂ ለአንድ ወር ወደ ቤት ተይዞ የሚኬድበት አይደሉም። «ሩማቶይድ አርትራይትስ» ተብሎ ከተጻፈ በየቀኑ የሚባል ነገር የለም። ባዶ ከሆነ ጎን ያሉት መድኃኒቶች ጥቆማ ይሰጡሃል። ፕሬድኒሶሎን በትንሽ መጠን ከፎሊክ አሲድ ጋር ሲመጣ ነገሩ ወደ መገጣጠሚያ ያዘነብላል።

ከዚያ ያቺን ፊደል በዚያው ወረቀት ላይ ካሉት ሌሎች ፊደሎች ጋር አስተያይ። የፕሬድኒሶሎኑ «ዲ» ሆዱ ክብ ሆኖ ተዘግቷል ወይስ ክፍት ነው? የሜቶትሬክሴቱስ? ያው እጅ፣ ያው እስክሪብቶ ነው። ልዩነት ካለ ጥሩ ጥቆማ ነው። ግን እዚያ ላይ አትቁም። ፊደሉ «ዲ» ሆኖ ብዛቱ 90 ሆኖ ቢገጥም እንኳ ሁለቱ መግጠማቸው የሐኪሙን ሐሳብ አያረጋግጥልህም። ብዛቱ የተሰላው ከዚያው ስህተት ላይ ተነስቶ ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ «ኦ ዲ» ለዓይን ሐኪም ቀኝ ዓይን ማለት ነው። «ኦ ደብሊው» ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው ምህጻረ ቃል አይደለም። የሳምንት መድኃኒት በሙሉ ቃል፣ ከነቀኑ ስም ነው መጻፍ ያለበት።

እናትየዋ ሲመለሱ ደግሞ ጠይቃቸው። አጠያየቁ ላይ ተጠንቀቅ። «በሳምንት አንዴ ነው አይደል የተባሉት?» ካልክ «አዎ ልጄ» ይሉሃል። «በየቀኑ ነው አይደል?» ብትላቸውም «አዎ ልጄ» ነው መልሱ። ስለዚህ ክፍት አድርገው፦ «ሐኪሙ ይሄንን እንዴት ውሰጂ አሉሽ? ለየትኛው ሕመም? ከዚህ በፊት ወስደሽው ታውቂያለሽ?» አማርኛ ካልቀናቸው በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የሚያናግራቸው ሰው ፈልግ። ልጃቸው የሚያስተረጉም ከሆነ እሱ የሚያውቀውን ሳይሆን እሳቸው ያሉትን እንዲነግርህ አደራ በለው። የድሮ ስትሪፕ ወይም የቀጠሮ ወረቀት ቦርሳቸው ውስጥ ካለ እንዲያሳዩህ ጠይቅ። እንዲህ ያለች ቁራጭ ካርቶን ከግማሽ ሰዓት ወሬ በላይ ትናገራለች።

«አዎ ወስጃለሁ፣ በየቀኑ» ካሉህ ጉዳዩ ማዘዣ ማጣራት መሆኑ ያበቃል። አፍሽን አሳዪኝ በላቸው። ከንፈር ወይም ምላስ ላይ ቁስል፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ከድድ መድማት፣ ቆዳ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ መድኃኒቱን ከነማሸጊያው አስይዘህ። ምልክት ባይኖርም በየቀኑ ከወሰዱ የዚያኑ ዕለት መታየት አለባቸው። የደም ሴሎች መውረድ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላልና። እዚያ የሚሰጣቸው ማርከሻ ፎሊኒክ አሲድ ይባላል። አንተ መደርደሪያ ላይ ካለው ፎሊክ አሲድ ጋር አንድ አይደለም፤ ፎሊክ አሲድ አብዝቶ መስጠት አያድናቸውም።

ሌላ ሁለት ነገር ጠይቅ፣ ሐኪሙ ሊያውቃቸው የሚገባ። አንደኛ፣ ሌላ ምን እየወሰዱ እንደሆነ። ኮትሪሞክሳዞል፣ ሰው ባክትሪም የሚለው፣ ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲገናኝ መቅኔውን ክፉኛ ይጎዳል። ይሄ ለሐኪሙ ሳይነገር የማይታለፍ ነው። ጉልበት ያመመው ሁሉ በራሱ የሚገዛው ዲክሎፌናክም አለ፤ ሐኪሞች አብረው የሚያዙበት ጊዜ አለ፣ ግን እያወቁ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የኩላሊት፣ የጉበትና የደም ምርመራ ተሠርቶላቸው እንደሆነ። መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊት የደከመ ሰው በሳምንት አንዴ ወስዶም ሊመረዝ ይችላል። ለወጣት ሴት ቢሆን እርግዝናን ቀድሜ አስገባ ነበር፤ በ52 ዓመትም ቢሆን የወር አበባ እንደቆመ መጠየቅ ነውር የለውም።

አሁን ሦስት መድኃኒት አለህ፣ አንዱ ብቻ ነው ያልጠራው። ፕሬድኒሶሎኑና ፎሊክ አሲዱ ግልጽ ከሆኑ ትናንትናውኑ መስጠት ነበረብህ። በተለይ ፕሬድኒሶሎን ለቆየ ሰው በድንገት አይቋረጥም። ሜቶትሬክሴቱ ግን ይቆያል። ምክንያቱም ይሄ መድኃኒት ሥራው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። አንድ ሁለት ቀን ቢዘገይ እናትየዋ የሚጎዱት ነገር የለም፤ በስህተት ቢጀመር ግን በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ አልጋ ላይ ሊያውላቸው ይችላል። ይሄን ሚዛን ለሁሉም መድኃኒት እንዳትወስደው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ኢንሱሊን ወይም በጠና ለታመመ ሕፃን የታዘዘ አንቲባዮቲክ ቢሆን «ነገ ተመለሱ» ራሱ ጉዳት ነው። ያኔ ሰውየውን ቅርብ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ትልካለህ እንጂ በር ዘግተህ አትሄድም።

የያዝከውን ማዘዣም ዝም ብለህ እንዳትመልስ። «አልገባኝም» ብለህ ወረቀቱን ብትመልስላቸው መንገድ ተሻግረው ሌላ ፋርማሲ ይገባሉ፣ እዚያ ያለው ደግሞ ሳያይ ይሰጣቸዋል። አደጋውን ለጎረቤትህ አስተላለፍከው ማለት ነው። ሴትየዋ የግድ ወረቀታቸውን ካሉ ከሜቶትሬክሴቱ መስመር ጎን «አልተሰጠም፤ አወሳሰዱ ከሐኪሙ እየተጣራ ነው» ብለህ፣ ቀን ጽፈህ፣ ስምህንና የፋርማሲውን ስልክ አኑረህ፣ ፎቶ አስቀርተህ ስጣቸው። ምክንያቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገራቸው፦ «ይሄ መድኃኒት በስህተት ከተወሰደ ደም ያበላሻል፣ ሐኪሙን ሳልጠይቅ ልሰጥሽ አልችልም።» የሐኪሙን ስም አታንሳ፣ አታማም። ሐኪማቸውን ያላመኑ ታማሚ መድኃኒቱንም አይወስዱም።

ስልኩን በተመለከተ። የጉልበት ሕመም ያለባትን ሴት ለአንዲት ፊደል ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎ አቀበት መልሶ ማስወጣት ግፍ ነው፤ መሄድ ያለበት ጥያቄው ነው። ስልክ ያልተጻፈበት ማዘዣ ሁሌም አለ። ወደ ሆስፒታሉ ዋና ስልክ ደውልና ተመላላሽ ክፍል ፋርማሲውን አገናኙኝ በል። ብዙ ሆስፒታሎች የመድኃኒት መረጃ አገልግሎት የሚባል ክፍልም አላቸው፤ ካለ በእሱ በኩል መግባት ይቀላል። እዚያ ያለው ፋርማሲስት የሐኪሙን የእጅ ጽሑፍ ከኛ በላይ ያውቃል፣ በአካልም ሄዶ ያገኘዋል። ሐኪሙ ተረኛ ካልሆነ ወይም ጉዞ ላይ ከሆነ የውስጥ ደዌ ተረኛ ሐኪም በካርድ ቁጥሩ ካርዱን አስወጥቶ ማየት ይችላል። አንድ ጥንቃቄ፦ ታማሚው ወይም አስታማሚው «ይሄውልህ የዶክተሩ ስልክ» ብሎ የሰጠህን ቁጥር ብቻውን አትመን። ብትደውልበትም ያነሳው ሰው ካርዱ ላይ ያለውን እንዲነግርህ አድርግ። አንተ አንብበህለት «አዎ» ካለ ምንም አላረጋገጥክም።

ንግግሩ አጭር ይሁን። ሐኪሙ ሌላ ታማሚ ፊቱ ተቀምጧል ብለህ አስብ። እኔ እንዲህ ነው የምለው፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ ከድሬዳዋ፣ ከዚራ ካለ ፋርማሲ ነው፣ ፋርማሲስቱ ነኝ። ትናንት ስላዩአቸው የ52 ዓመት ሴት ነው፣ የካርድ ቁጥራቸው ይሄ ነው። ከጻፉላቸው ሦስት መድኃኒቶች የሜቶትሬክሴቱ አወሳሰድ አልተነበበልኝም። ለምን ሕመም ነው? ስንት ሚሊግራም፣ በየስንት ጊዜው እንዲወስዱ ፈለጉ?» ከዚያ ዝም። መልሱን እሱ ይናገር። «በሳምንት ማለትዎ ነው አይደል?» ብለህ አፉ ላይ ካስቀመጥክለት፣ የተጣደፈ ሰው «አዎ አዎ» ብሎ ይዘጋዋል፤ ታማሚዋ ላይ የሆነው እዚህም ይደገማል።

«በሳምንት ነው እንጂ!» ካለህ፣ ብዙ ጊዜም የሚለው ይሄንን ነው፣ ቀጥል። የትኛው ቀን? ስንት ሳምንት? ብዛቱ 90 የተጻፈውስ? ኮትሪሞክሳዞል እየወሰዱ ከሆነ አሁን ንገረው። ላብራቶሪ መቼ እንደሚደገም ጠይቅ። በመጨረሻ የሰማኸውን መልሰህ አንብብለት፦ «ሜቶትሬክሴት የ2.5 ሚሊግራም ሦስት ፍሬ፣ በአንድ ጊዜ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ፣ ለአራት ሳምንት፣ በጠቅላላ 12 ፍሬ።» ቁጥሩን በአማርኛ በል። በሙያችን እንግሊዝኛ መቀላቀል ልማድ ነው፣ ግን በተቆራረጠ መስመር «ፊፍቲን»ና «ፊፍቲ» አንድ ዓይነት ነው የሚሰሙት። አስራ አምስትና ሃምሳ አይምታቱም።

የሚከብደው ሐኪሙ ሲቆጣ ነው። «እንደተጻፈው ስጥ፣ አንተ ማነህ?» ሊልህ ይችላል። ድምፅህን ከፍ አታድርግ፣ ግን አታፈግፍግ። «ዶክተር፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም በየቀኑ ከሆነ በሳምንት 52.5 ሚሊግራም ይሆናል። የማውቀው መነሻ መጠን በሳምንት 7.5 ነው። በየቀኑ የሆነበት ምክንያት ካለ ይንገሩኝና ልጻፈው።» ይሄ አባባል ሁለት ነገር ያደርጋል። ስሌቱን ፊቱ ያስቀምጥለታል፣ መልሱም እንደሚጻፍ ያውቃል። ብዙው ሰው እዚህ ላይ ካርዱን ገልጦ ያያል። አሁንም በየቀኑ ካለ ለመገጣጠሚያ ሕመም አትሰጥም፤ ያለ ምንም ድርድር። የክፍሉን ሲኒየር ወይም የሆስፒታሉን ፋርማሲ ኃላፊ ትጠይቃለህ፣ አለመስጠትህንም ትመዘግባለህ። ሐኪም አዘዘ ማለት ፋርማሲስት የመከልከል ግዴታው ቀረ ማለት አይደለም።

ማንም ካልተገኘ? 12 ፍሬም አትስጥ። ልትፈተን ትችላለህ፣ ምክንያቱም «ደህናው» መልስ እሱ ስለሚመስል። አንተ ግን የማታውቀው ነገር አለ፦ ምርመራው፣ ኩላሊታቸው፣ ከዚህ በፊት የነበራቸው መጠን። ሁለቱን ግልጽ መድኃኒቶች ሰጥተህ፣ የእናትየዋን ወይም የልጃቸውን ስልክ ይዘህ፣ ማግኛ ሰዓት ቀጥረህ ጠብቅ። ሐኪሙን ስታገኝ አንተ ትደውላለህ እንጂ እሳቸው አይመላለሱም።

ወደ ምዝገባው ልምጣ፣ ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። የሐኪሙን ፊደል በእስክሪብቶህ አታስተካክል። በ«ዲ»ው ላይ «ደብሊው» የደረብክበት ማዘዣ ነገ ማን ምን እንደጻፈ አይታወቅም፣ ያኔ ተጠያቂው አንተ ነህ። ነጭ ቀለምም አትቀባ። የመጀመሪያው ጽሑፍ እንዳለ ይታይ፤ ያንተው በጎኑ ወይም በጀርባው ይጻፍ። የጽሑፉ ይዘት ይሄን ይመስላል፦

«ሜቶትሬክሴት፦ ድግግሞሹ አይነበብም፤ ብዛት 90 ተብሏል። ለዶ/ር (ሙሉ ስም) በሆስፒታሉ ፋርማሲ ስልክ በኩል ተደውሎ ተጠይቋል። ቀን (ዓ.ም.)፣ ከጠዋቱ 3:20። መልስ፦ ለሩማቶይድ አርትራይትስ፣ 7.5 ሚሊግራም (የ2.5 ሦስት ፍሬ) በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ፣ ለ4 ሳምንት፣ 12 ፍሬ። ተነቦላቸው አረጋግጠዋል። የታረመ ማዘዣ እንዲልኩ ተጠይቋል። የጠየቀው (ስም፣ ፊርማ)።»

እዚህ ውስጥ የማይቀር ነገር አለ፦ ማን ጠየቀ፣ ማን መለሰ፣ በየትኛው መንገድ፣ መቼ፣ በራሱ አፍ ምን አለ፣ መልሰህ ማንበብህ። «ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረናል» የሚል አንድ መስመር ከባዶ ወረቀት አይሻልም። ቀኑ ላይ በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፍክ ይታወቅ። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. ጽፎ አንተ ዓ.ም. ብትጽፍ ሁለቱ ወረቀቶች የማይገናኙ ይመስላሉ። ሰዓቱም «3:20» ብቻ ከሆነ የኛ ሦስት ይሁን የፈረንጅ ሦስት አይታወቅም፤ ከጠዋቱ፣ ከሰዓት ብለህ ለይ። ያልተሳኩ ሙከራዎችንም ጻፍ። ማታ ደውለህ ካልተነሳ እሱም ይመዝገብ፤ ለምን እንዳቆየህ የሚያሳየው እሱ ነው። ይህንኑ በአጭሩ ፋርማሲው ውስጥ ባለ አንድ መዝገብ ላይ ድገመው። ማዘዣው ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ተለዋጭ ሠራተኛ ሲመጣ የሚያየው መዝገቡን ነው።

በስልክ የተባለው ለጊዜው ያሠራሃል፣ የታረመ ማዘዣ ግን መምጣት አለበት። ሐኪሙ አዲስ ጽፎ ፎቶውን በቴሌግራም ሊልክልህ ይችላል። ፎቶው የማን ማዘዣ እንደሆነ በካርድ ቁጥር ይታወቅ፣ በሠራተኞች ግሩፕ ውስጥ ግን አይለጠፍ። የሴትየዋ ስምና በሽታ የግሩፑ ጉዳይ አይደለም። ዋናው ወረቀት በሚቀጥለው ቀጠሮ ይምጣ። ከሁሉም የሚበልጠው ሐኪሙ የታማሚዋን ካርድ ራሱ እንዲያርም መጠየቅ ነው። እሱ ካልተስተካከለ በሚቀጥለው ወር ካርዱን አይቶ የሚገለብጠው ሌላ ሐኪም ያንኑ 90 ይጽፋል።

ስታስረክብ ቀኑን በስሙ ጻፍ። «በሳምንት አንዴ» ብቻ አትበል፤ «ዓርብ ዓርብ፣ ሦስት ፍሬ በአንድ ጊዜ። በሌላ ቀን አይወሰድም» በል። ለብዙ የድሬ እናት ዓርብ ጁምዓ ስለሆነ አይረሳም፤ ሌላ ቀን የሚመቻቸው ከሆነ እሱን ለሐኪሙ ነግረህ ቀይረው። «ሦስት» የምትለዋን ተጠንቀቅባት። «ሦስት ፍሬ» የተባለ ሰው ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ብሎ የሚከፋፍልበት ጊዜ አለ። ፕሬድኒሶሎኑን በሌላ ፖስታ፣ ሜቶትሬክሴቱን በሌላ ፖስታ አድርግ፣ መልካቸው የሚመሳሰል ፍሬዎች አንድ ላይ አይቀመጡ። ከዚያ «እስቲ ቤት ሄደሽ እንዴት እንደምትወስጂው ንገሪኝ» በላቸው። «ዓርብ» የሚለው ቃል ከሳቸው አፍ ሲወጣ ነው የጨረስከው። አንድ ዓርብ ቢረሱ በሚቀጥለው እጥፍ እንዳይወስዱ፣ ይልቁንም ደውለው እንዲጠይቁ ንገራቸው። የአፍ ቁስል፣ ትኩሳት ወይም መድማት ከመጣ አቁመው ወደ ጤና ተቋም ይምጡ። ከ12 ፍሬ በላይ አትስጥ፣ ቢለምኑህም፣ መንገዱ ሩቅ ነው ቢሉህም። ቤት ውስጥ 90 ፍሬ ያለው ሰው የመሳሳት ዕድሉም 90 ነው።

ፍሬውን ስትቆጥር በእጅህ አትንካ፣ አትስበር፣ ለዚህ ብቻ የሚሆን መቁጠሪያ ይኑርህ። እርጉዝ ባልደረባ ካለችህ ይሄን ሥራ ሌላ ሰው ይያዘው።

ስህተቱ በጊዜ ቢያዝም ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚላከውን ቢጫ ፎርም ሙላው። ፎርሙ የጎንዮሽ ጉዳት ብቻ ሳይሆን የአወሳሰድና የአስተዛዘዝ ስህተትንም ይቀበላል። የሐኪሙን ስም አውጥቶ ለመክሰስ አይደለም የሚሞላው። ለሆስፒታሉ ፋርማሲም አንድ ጊዜ ደውልና ሜቶትሬክሴት ከዚያ ሲወጣ የቀኑ ስም በሙሉ ቃል እንዲጻፍ ጠይቃቸው። ዓርብ ካለፈ በኋላ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ለእናትየዋ ደውልና ስንት ፍሬ እንደቀራቸው አስቆጥራቸው። ዘጠኝ ካሉህ ልክ ናቸው።